ቀጭን ክንድ፣ ያበጠ እግር

ሁለት እናቶች በአንድ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አንድ የገጠር ጤና ኬላ መጡ እንበል። የመጀመሪያዋ ያዘለችው የ18 ወር ወንድ ልጅ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ፊቱ የሽማግሌ መስሏል። የሁለተኛዋ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ግን እግሯ ሞላ ያለ ነው። ቤት የቀሩት አያት «ምን ሆናለች? ወፍራለች እኮ» ብለዋል። እናትየዋ የመጣችው ልጅቷ ሰሞኑን እየተነጫነጨች፣ ፀጉሯም እየሳሳ ስላስቸገራት ነው። ማንም መንገደኛ ቢጠየቅ የታመመው የመጀመሪያው ነው ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ሁለቱንም ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ብላ ልትመዘግብ ትችላለች። ይህን የምታውቀው በአንዲት የፕላስቲክ ጥብጣብና በሁለት አውራ ጣቶቿ ነው።

በጥብጣቡ እንጀምር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ የጤናማ ልጅ ክንድ ውፍረት ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ቁመትና ክብደት እያመሳከሩ ሠንጠረዥ ማየት ሳያስፈልግ፣ ለሁሉም አንድ ወሰን መጠቀም ይቻላል። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ጡንቻውንና ስቡን ይበላል፤ ያ ደግሞ ክንድ ላይ ቶሎ ይታያል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥብጣቡ ቀይ ላይ ይቆማል፤ ይህ ከባድ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ሳይሞላ ያለው ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ያለው አረንጓዴ ነው።

ጥብጣቡ ቀላል ቢመስልም በአለካክ ጥፋት ብዙ ሕፃናት ሳይታወቁ ያልፋሉ። የሚለካው የግራ ክንድ ነው፤ እጅጌው ሙሉ በሙሉ ወልቆ። ክርኑን በማጠፍ የትከሻውን አጥንት ጫፍና የክርኑን ጫፍ ይፈልጋሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ትክክለኛ እኩሌታ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ክንዱ ተዘርግቶ ዘና ብሎ ሲንጠለጠል ጥብጣቡን በምልክቱ ላይ ያዞሩታል። ቆዳውን ካጠበቀው ቁጥሩ ያንሳል፤ በቆዳውና በጥብጣቡ መካከል ክፍተት ከተወ ይጨምራል። እኩሌታውን በዓይን ገምቶ ወደ ትከሻው ከፍ አድርጎ መለካትም እንዲሁ ያሳስታል። በእኛ ምሳሌ የልጁ ክንድ 11.2 ሆነ። ሠራተኛዋ ቁጥሩን እንዳየችው ጻፈችው። 11.2ን «ወደ 11 ግድም» ብሎ ማጠጋጋት ስህተት ነው፤ ይባስ ብሎም 11.4ን 11.5 አድርጎ መጻፍ አንድን ልጅ ከሕክምና ውጪ ሊያደርግ ይችላል። መዝገቡ ላይ 11.0፣ 11.5 እና 12.0 ብቻ እየተደጋገሙ ሲታዩ፣ ለካዩ ቁጥሩን እየገመተ እንደሆነ ማወቅ አያዳግትም።

ወሰኑ ራሱ ከዚህ በፊት 11.0 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 11.5 ከፍ እንዲል መከሩ፤ በቀድሞው ወሰን የማይያዙ፣ ግን የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ልጆች ስለነበሩ ነው። በድሮው ወሰን ቢሆን ይህ ልጅ ከበሩ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ እንሂድ። ክንዷ ሲለካ 12.8 ነው፤ ጥብጣቡ አረንጓዴ ላይ ነው። ሠራተኛዋ በጥብጣቡ ብቻ ብትወሰን «ደህና ናት» ብላ ታሰናብታት ነበር። ጥንቃቄዋ ግን እግር ላይም ነው። ጫማዋን አስወልቃ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ የሁለቱንም እግሮች ጀርባ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጫነች፤ ከዚያ ጣቶቿን አነሳች። ጉድጓዱ ሳይሞላ እንዳለ ቀረ። ይህ በምግብ እጥረት የሚመጣ እብጠት ነው። ብቻውን፣ ክንዱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ልጅቷን በከባዱ መደብ ያስገባታል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋው «ሁለቱም» የሚለው ነው። አንድ እግር ብቻ ያበጠ ልጅ ቆስሎ፣ ተወግቶ ወይም ተመርዞ ሊሆን ይችላል፤ የምግብ እጥረት እብጠት ግን በሁለቱም በኩል ነው። ደረጃውም በመስቀል ይጻፋል። እግር ላይ ብቻ ከሆነ +፣ እስከ ቅልጥምና እጅ ድረስ ከወጣ ++፣ ፊትንም ጨምሮ መላ ሰውነት ካበጠ +++ ነው። +++ የሆነ ልጅ በጤና ኬላ አይታከምም፤ ተኝቶ ወደሚታከምበት ማረጋጊያ ማዕከል ይላካል። እብጠት ያለው ልጅ ክንዱም ከ11.5 በታች ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው ይከፋል። የእኛዋ ልጅ + ናት።

ቤት እየተመላለሱ መታከም ይችሉ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱም ልጆች የምግብ ፍላጎት ፈተና ይደረግላቸዋል። እናት እጇን ታጥባ ከፕላምፒነቱ ለልጇ ትሰጣለች፤ ውኃም ታጠጣዋለች። ሠራተኛዋ ቁጭ ብላ ታያለች፤ ልጁን ማስገደድ የለም። ካልበላ፣ የሚበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም የሳንባ ምች ካለበት ጉዳዩ የማረጋጊያ ማዕከሉ ነው። ሁለቱም በሉ። ልጁ 7.2 ኪሎ ስለሚመዝን በቀን ሦስት ከረጢት ያህል ይደርሰዋል፤ አንዱ 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪም ይሰጣል። ሁለቱም የአሞክሳሲሊን መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በሳምንቱም ለቁጥጥር ተቀጠሩ።

አሁን ካርዱ ይሞላል። ብዙ ሰው ወረቀት ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የምርመራው ግማሽ ይህ ነው እላለሁ። ዋናው ሳጥን «በምን ምክንያት ገባ?» የሚለው ነው። ለልጁ «ክንድ 11.2» ይጻፋል፤ ለልጅቷ «እብጠት +»። የክንዷ 12.8ም አብሮ ይመዘገባል፤ መግቢያዋ ግን እሱ አይደለም።

ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጅቷ ስትመጣ 9.4 ኪሎ ነበረች፤ አሁን 8.7 ሆነች። ሌላ ልጅ ቢሆን ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። ካርዱ ላይ «እብጠት» ተጽፎ እያለ፣ እግሯም ሲጫን ጉድጓድ ካልቀረበት፣ የወረደው ክብደት የወጣው ውኃ ነው፤ እየዳነች ነው። ካርዱ ላይ የመግቢያው ምክንያት ባይጻፍ፣ በዚያ ቀን ተረኛ የሆነችው ሌላ ሠራተኛ ልጅቷን ያልተሻላት አድርጋ ሳያስፈልግ ታስተላልፋት ነበር። የተገላቢጦሹም አለ፤ የመጀመሪያው ልጅ ድንገት ክብደት ቢጨምር፣ መደሰት የሚገባው እግሩ ተጭኖ ከታየ በኋላ ነው፤ ጭማሪው እብጠት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ ቁጥር ነው። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ተባብሶበት ወደ ማረጋጊያ ማዕከል ቢላክና ቢመለስ፣ ያው የመጀመሪያው መለያ ቁጥር ይከተለዋል፤ መዝገቡ ላይም «ተዛውሮ የመጣ» ይባላል። አዲስ ተብሎ ከተጻፈ አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ይሆናል፤ ወረዳው የሚጠይቀው የፕላምፒነት መጠንም ይዛባል። አቋርጦ የተመለሰም ቢሆን አዲስ ታማሚ አይደለም። ለዚህም ነው ካርዱ ላይ ቀበሌው፣ ጎጡና የአባት ወይም የእናት ስልክ በጥንቃቄ የሚሞላው፤ በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል።

የሚሰናበቱትም በመግቢያቸው ነው። ልጁ ክንዱ 12.5 ሲደርስና በተከታታይ ሲለካ እዚያው ሲጸና ይወጣል። ልጅቷ ግን ክንዷ ገና ስትመጣ ከ12.5 በላይ ስለነበር፣ በክንድ ብቻ ቢሆን በገባችበት ቀን «ድናለች» ይባል ነበር። የምትሰናበተው እብጠቱ ከጠፋ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲሞላው፣ ክንዷም 12.5 እና ከዚያ በላይ እንደሆነ ሲቀጥል ነው። ስለዚህ በየቀጠሮው ጫማዋ ይወልቃል፤ ሁለቱም እግሮቿ ይጫናሉ፤ ጉድጓድ ባይኖርም «0» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ የተተወ ሳጥን አልታየም ማለት ነው።