ጭቃ ያልሆነ የአፈር ቀለም

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ለመሳል የሚነሳ ጀማሪ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚያወጣው ቀይ ቀለም ነው። ድንጋዩ ቀይ ነውና። ቀዩ ከቱቦው እንደወጣ በጣም ያንጸባርቅበታል፤ ለማደብዘዝ አረንጓዴ ይጨምርበታል። አሁን ጠቆረ፤ ቢጫ ያስገባበታል። ቢጫው በዛ፤ ሰማያዊ ጠብ ያደርግበታል። በመጨረሻ ሁሉም ስለጨለመበት ነጭ ያፈስበታል። ፓሌቱ ላይ የሚቀረው ሞቃትም ቀዝቃዛም ያልሆነ፣ ወደ የትኛውም ወገን የማያደላ ድፍርስ ቡናማ ነው። ሠዓሊዎች ጭቃ የሚሉት ይህንን ነው።

ነገሩ የሚያሳዝነው ሠዓሊው የፈለገው ቀለም ከዚህ ብዙም የራቀ ስላልነበረ ነው። የድንጋዩ ቀይ ራሱ ደብዘዝ ያለ የአፈር ቀለም ነው። ደብዛዛ የሆነ ቀለም ሁሉ ግን ጭቃ አይደለም። ደብዛዛ ቀለም ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ አይቶ “ይህ ቀዝቀዝ ያለ ቀይ ነው” ወይም “ይህ አመድማ አረንጓዴ ነው” ማለት ይቻላል። ጭቃው ላይ ግን እንዲህ የሚባል ነገር የለም።

ምክንያቱ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። ቀይ ቀለም ቀይ ሆኖ የሚታየው ከሚያርፍበት ብርሃን ቀዩን ክፍል መልሶ ሌላውን ስለሚውጥ ነው። ሰማያዊው ደግሞ በፊናው ሌላ ክፍል ይውጣል። ሁለት ቀለሞች ሲቀላቀሉ ሁለቱም የየራሳቸውን ይውጣሉ፤ ሁለቱም ያልነኩት ብርሃን ብቻ ወደ ዓይን ይመለሳል። ሦስተኛና አራተኛ ቀለም በተጨመረ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን እያነሰ፣ የቀረውም እየተመሳሰለ ይሄዳል። ስለዚህ ጭቃ የሚመጣው በአብዛኛው ከቀለሞቹ ብዛት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። “አንድ ቀለም ብቻ ነው የጨመርኩት” የሚል ሠዓሊ ሳያውቀው ሁለት ወይም ሦስት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ሳፕ ግሪን ተብሎ የሚሸጠው አረንጓዴ ለምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው ራሱ ከአረንጓዴና ከቢጫ ዱቄት የቀየጠው ነው። ቀይ ላይ ሲጨመር ፓሌቱ ላይ ያሉት ቀለሞች ወዲያው ሦስት ይሆናሉ። ይህን ለማወቅ የቱቦውን ጀርባ ማንበብ ይበቃል። በሚታመኑ አምራቾች ቱቦዎች ላይ የቀለሙ ዱቄት በፊደልና በቁጥር ይጻፋል። ኮዱ አንድ ብቻ ከሆነ ቀለሙ ከአንድ ዱቄት የተሠራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ኮድ ከተደረደረ ግን ቅይጡ ገና ቱቦው ሳይከፈት ተጀምሯል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከሁለት ዱቄት ብቻ መነሳት ነው። ለአፈር ቀለሞች ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያገለግለው ጥንድ በርንት ሲየና እና አልትራማሪን ነው። በርንት ሲየና ሲያዩት ቡናማ ይመስላል፤ በነጭ ወረቀት ላይ በውሃ አቅጥነው ሲያሰፉት ግን ማንነቱ ይገለጣል፣ የጠቆረ ብርቱካናማ ነው። የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው፤ አልትራማሪን ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ተቃራኒ ቀለሞች ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ድምቀት ስለሚያጠፋ፣ ከእነዚህ ሁለት ብቻ ከሞቃት የሸክላ ቀለም ጀምሮ እስከ አመድማ፣ ከዚያም እስከ ቀዝቃዛ የብረት ቀለም ድረስ ይገኛል።

የበርንት ሲየና ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ስሙ የጣሊያኗ ከተማ ሲየና ነው። በዚያ አካባቢ የሚገኘው ቢጫማ አፈር ቢጫነቱን የሚያገኘው ውሃ ከያዘ የብረት ማዕድን ነው፤ አፈሩ ሲቃጠል ውሃው ይወጣና ማዕድኑ ወደ ቀይ ይለወጣል። የሎው ኦከር የሚባለው ቢጫ አፈርም በዚያው የብረት ማዕድን ቢጫ የሆነ ወንድሙ ነው። የሰው ልጅ እነዚህን የብረት አፈሮች የሚያውቃቸው ከጥንት ነው፤ ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች የተጠቀሙባቸው ከ4 ሺህ በላይ የኦከር ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ለሠዓሊው የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ኦከርና ሲየና የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ እርስ በርስ ቢቀላቀሉ ጭቃ አይሆኑም።

ጥንዱን ለማወቅ አንድ መስመር መሥራት ይበጃል። በወረቀት ላይ አምስት ትንንሽ ሳጥኖች ይሣላሉ። በመጀመሪያው ሳጥን ንጹሕ ሲየና፣ በመጨረሻው ንጹሕ አልትራማሪን ይቀባል። ከዚያ ሦስት እጅ ሲየና ላይ አንድ እጅ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ እኩል በእኩል፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ እጅ ሲየና ላይ ሦስት እጅ ሰማያዊ ይገባል። ሲደርቁ ጎን ለጎን ይታያሉ። በሁለተኛው ሳጥን ሞቃት የጥላ ቡናማ፣ በመካከለኛው ወደ ጥቁር የተጠጋ አመድማ፣ በአራተኛው ደግሞ የዝናብ ደመና ቀለም ይኖራል። በውሃ ቀለም ሲሠራ ተጨማሪ ውበት ይገኛል። የአልትራማሪን ዱቄት ሸካራ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ከሲየናው እየተለየ በየጎድጓዳው ይቀመጣል፤ አንድ ወጥ ከመሆን ይልቅ ሰማያዊና ብርቱካናማው በደቃቁ ይታያሉ። ይህን ለማግኘት ፓሌት ላይ አብዝቶ አለማሸት፣ ወረቀቱም ላይ ከተቀባ በኋላ በብሩሽ አለመነካካት ያስፈልጋል።

ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ በርንት ሲየና ከአምራች አምራች ይለያያልና። አንዳንዱ ወደ ብርቱካናማ፣ አንዳንዱ ወደ ቀይ ያደላል። ቀይ የበዛበት ሲየና ከአልትራማሪን ጋር ሲገናኝ አመድማ በመሆን ፋንታ ሐምራዊ ይሆናል። መካከለኛው ሳጥን ሐምራዊ ካሳየ ለዚያ ቱቦ ትንሽ የሎው ኦከር ማስገባት ወይም ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ በሚያደላ መለወጥ ይበጃል።

አሁን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ እንመለስ። ከቀይ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈልፍሎ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቢጫማ ሽፋን ተለጥፎ ይታያል። ይህን ሁሉ በየሎው ኦከር፣ በበርንት ሲየና፣ በአልትራማሪን እና በቲታኒየም ነጭ በአክሪሊክ መሣል ይቻላል። ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሲየና ላይ ግማሽ ያህል ኦከር ተጨምሮበት፣ ከዚያ በነጭ ይፈካል። የጥላው ግድግዳ ሦስት እጅ ሲየና ላይ አንድ እጅ አልትራማሪን ነው፤ ነጭ በጣም ጥቂት ነው የሚገባበት። ጥልቁ ጉድጓድ እኩል በእኩል ያለ ነጭ ይቀባል፤ ጥቁር ቱቦ አያስፈልገውም። ቢጫማው ሽፋን ኦከር ላይ የሰማያዊ ቁንጣሪ ጠብ ተደርጎበት የሚገኝ የደበዘዘ የወይራ አረንጓዴ ነው። ሰማዩም ከዚሁ ይወጣል፦ ነጭና አልትራማሪን፣ ላዩ ላይ በብሩሽ ጫፍ የሚገባ ሲየና። ሰማዩ ውስጥ ያለችው ያቺ ሲየና ግድግዳው ውስጥም ስላለች ሥዕሉ በአንድ ብርሃን የተሣለ ይመስላል።

ሲቀላቀል ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ኦከር ደካማ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው ግን ይበረታበታል። ስለዚህ ኦከሩ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ሰማያዊው በጥቂት በጥቂቱ ይገባበታል። በተቃራኒው የጀመረ ሰው የሰማያዊውን ኃይል ለመግታት ኦከር ሲጨምር ሲጨምር ለአንድ ቅጠል የሚሆን ቀለም ፈልጎ ለግድግዳ የሚበቃ ይዞ ይቀራል።

ነጭ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቲታኒየም ነጭ ቀለምን ከማፍካቱ በላይ ያቀዘቅዘዋል፤ ሞቃት የነበረው ሲየና ነጭ ሲበዛበት ኖራ የተቀባ ሮዝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ “ጭቃ ሆነብኝ” የሚባለው በእውነቱ ይህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ቀለሞች ተቀላቅለው የሚፈለገው ዝንባሌ ከተገኘ በኋላ ነጩ ይገባል፤ ካቀዘቀዘው በኦከር መልሶ ማሞቅ ይቻላል። በውሃ ቀለም ነጭ ጨርሶ አያስፈልግም፤ የሚያፈካው ከሥር ያለው ወረቀት ነውና ውሃ መጨመር ይበቃል።

ሌላው ፈተና መድረቅ ነው። አክሪሊክ እርጥብ ሳለ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ወተት መሳይ ነው፤ ሲደርቅ ያ ነጭነት ስለሚጠፋ ቀለሙ ይጠቁራል። ውሃ ቀለም ደግሞ በተቃራኒው ሲደርቅ ይፈካል። በመካከለኛ አመድማ ቀለሞች ላይ ይህ ልዩነት በጣም ይታያል፤ ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ፈትኖ፣ አድርቆ ማየት ነው።

ትክክለኛው ቅይጥ ተገኝቶም በብሩሽ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። በግማሽ የደረቀ ውሃ ቀለም ላይ ሌላ ሲቀባ የታችኛው ይነሳና ከላይኛው ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለት የነበረው አራት ይሆናል። የታጠበበት ውሃ ከጨለመም እያንዳንዱ አዲስ ቀለም የቀድሞውን ይሸከማል። ሁለት ማሰሮ ውሃ መያዝ፣ አንዱን ለመታጠቢያ፣ ሁለተኛውን ለንጹሕ ቀለም ማቅጠኛ መለየት ይህንን ያስቀራል።

ጭቃ መሆኑን ለመለየት ከቅይጡ ትንሽ ወስዶ ንጹሕ ሲየናና ንጹሕ አልትራማሪን አጠገብ መቀባት ይበጃል። ከሁለቱ ወደ አንዱ ሲያደላ ከታየ ሊሠራበት ይችላል። ወደ የትም ካላደላ ሌላ ቀለም እየጨመሩ ማዳን አይሞከርም፤ ተጠርጎ እንደገና ይጀመራል። ሥዕሉ ላይ ካረፈ በኋላ ከታወቀ ግን አክሪሊክ ይታገሣል፦ ፍጹም እስኪደርቅ ተጠብቆ በማቅጠኛ የቀጠነ በርንት ሲየና በስሱ ይለበጥበታል። በስስ ሽፋኑ ውስጥ ብርሃን ስለሚያልፍ ከሥር ያለው ድፍርስ ቡናማ ተሸፍኖ ሳይጠፋ ወደ ሞቃት ወገን ይዘነበላል። በውሃ ቀለም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ያርፍበታል፤ የተነሳው ቀለም በጨርቅ ይመጠጣል። አልትራማሪን በቀላሉ ስለሚነሳ እጅግ የቀዘቀዘን ጥላ በዚህ መንገድ ወደ ሲየናው መመለስ ይቻላል።