ከአንበሳሜ ችሎት እስከ ኒውዮርክ የጥብቅና ፈቃድ

በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ ከተማ በአንበሳሜ ጥብቅና የሚሠራ ሰው የመሬት ክርክር አይጠፋበትም። ድንበር ተገፋ፣ የወላጅ ይዞታ ለወንድማማቾች አልተካፈለም፣ መሬቱን በኪራይ የወሰደው አልመለሰም የሚሉ ጉዳዮች ናቸው። ይህን ሰው በምሳሌነት እንያዘው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የ5 ዓመት የሕግ ዲግሪ፣ ማለትም ኤልኤልቢ አለው፤ በክልሉ ፈቃድ ሦስት ዓመት ጥብቅና ቆሟል። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባና በሙያው መሥራት ፈለገ። ምን ይጠብቀዋል?

በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ የጥብቅና ፈቃድ አለመኖሩን ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ፈቃድ ይሰጣል፤ በውጭ የተማረን ሰው የሚቀበልበት ደንብም የተለያየ ነው። በውጭ ለተማሩ በሩን ከከፈቱት መካከል ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ኒውዮርክ ስለሆነች የእሷን መንገድ በዝርዝር እንከተል።

ኒውዮርክ የውጭ ዲግሪን የምትመዝነው በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው የትምህርቱ ርዝመት ነው፤ ትምህርቱ ከአሜሪካው የ3 ዓመት የሕግ ትምህርት ማነስ የለበትም። የኢትዮጵያ 5 ዓመት ይህን ያሟላል። ሁለተኛው የይዘት ሚዛን ሲሆን ትምህርቱ በእንግሊዝ ኮመን ሎው ላይ የቆመ መሆኑን ይጠይቃል። የእኛ ሕግ መሠረቱ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የፈረንሳዊው ምሁር የረኔ ዳቪድ ረቂቅ ነው። ስለዚህ በይዘቱ ሚዛን ጉድለት ይገኛል። ደንቡ ከሁለቱ ጉድለቶች አንዱን ብቻ በተጨማሪ ትምህርት ለመሙላት ይፈቅዳል፤ ሁለቱም የጎደሉበት ሰው በዚህ መንገድ መግባት አይችልም።

የይዘቱ ጉድለት የሚሞላው አሜሪካ ውስጥ እውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት በሚወሰድ ኤልኤልኤም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤልኤልኤም የሚል ዲግሪ መያዝ ብቻውን አይበቃም። ትምህርቱ ቢያንስ 24 ክሬዲት ሆኖ በአካል፣ በክፍል ውስጥ መወሰድ አለበት። በውስጡ 2 ክሬዲት የሙያ ሥነ ምግባር፣ 2 ክሬዲት የሕግ ጥናትና ጽሑፍ፣ 2 ክሬዲት የአሜሪካ የሕግ ሥርዓት መግቢያ፣ 6 ክሬዲት ደግሞ በባር ፈተና ከሚጠየቁ ትምህርቶች ሊኖሩት ይገባል። ሰብአዊ መብት ወይም ዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ መርጦ የተመረቀ ሰው ዲግሪውን ይዞ ለፈተናው ብቁ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ የኮርስ ዝርዝሩ ከነዚህ ቁጥሮች ጋር መመሳከር ያለበት ከምዝገባ በፊት ነው።

ከትምህርቱ ጎን ለጎን የወረቀት ሥራ አለ። የኒውዮርክ ፈታኝ ቦርድ ትራንስክሪፕትና የዲግሪ ማስረጃ የሚቀበለው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ሲላክለት ነው፤ ተማሪው በእጁ ይዞት የመጣ ኮፒ አያገለግልም። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ተመራቂ በእጁ ያለው ቴምፖ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳን ከፍሎ ማጠናቀቅ ይጠበቃል። ይህ ሳይሆን አገር የለቀቀ ሰው በውክልና ዘመድ ልኮ ከሬጅስትራር መስኮት ወደ መስኮት ሲያስዞር ይከርማል። ሌላው የስም ጣጣ ነው። በትራንስክሪፕቱ ላይ ‹ጸሐይ› በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ፋይሉ ይቆማል። ግምገማው ወራት ስለሚፈጅ ፋይሉን ኤልኤልኤም ከመጀመሩ በፊት መክፈት ይበጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ለሁለት ቀን የሚሰጠው የባር ፈተና ነው። በውጭ የተማረ ሰው የሚከፍለው 750 ዶላር ነው። አንዱ ቀን በ200 የምርጫ ጥያቄዎች ያልቃል። ሌላው ቀን ስድስት የጽሑፍ ጥያቄዎችና ሁለት የተግባር ሥራዎች አሉት። ከ400 ነጥብ 266 ማምጣት ያስፈልጋል። ኒውዮርክ ላይ በውጭ ከተማሩት የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ናቸው።

ለምን? እንግሊዝኛ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ትልቁ ችግር የለመዱት ሕግ ራሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1678 መሠረት ውል እንዲጸና ችሎታ፣ ጉድለት የሌለው ፈቃድ፣ የተወሰነና ሕጋዊ ጉዳይ፣ እንዲሁም ሕግ በሚያዝ ጊዜ ፎርም በቂ ናቸው። በአሜሪካ ግን ኮንሲደሬሽን የሚባል ነገር ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ወገን በምላሹ የሚሰጠው ነገር መኖር አለበት። የእኛ ጠበቃ አንድ አጎት ለወንድሙ ልጅ ‹ገንዘብ እሰጥሃለሁ› ማለቱን ሲያነብ ፈቃድ ስላለ ውል አለ ብሎ ይመልሳል። ፈታኙ የሚፈልገው ግን ‹ልጁ በምላሹ ምን ሰጠ?› የሚለውን ነው። የመሬቱ ክፍል ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ አርሶ አደሩ የሚይዘው የመጠቀም መብት ነው። ፈተናው ግን መሬት ሲሸጥ፣ በባንክ ሲያዝና በአንድ ጊዜ ለሁለት ገዢ ሲሸጥ ቅድሚያው የማን እንደሆነ ይጠይቃል። አንበሳሜ ላይ በመሬት ጉዳይ የተካነ ሰው ይህን ክፍል ከሀ ጀምሮ መማር አለበት። በአንጻሩ በወንጀል ችሎት የለመደው መስቀለኛ ጥያቄ ይረዳዋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከኮመን ሎው የወሰደው ነገር አለና።

ከዋናው ፈተና ሌላ የሙያ ሥነ ምግባር ፈተና አለ፤ ማለፊያው 85 ነው። በኒውዮርክ ሕግ ላይ የሚሰጠው የኦንላይን ፈተና ከ50 ጥያቄ 30 ትክክል ይፈልጋል። 50 ሰዓት ነጻ የሕግ አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ማጣራትም አለ። በተጨማሪም የሙያ ክህሎት ማሳየት ግዴታ ነው። ይህን ከሚያሟሉ መንገዶች አንዱ በሌላ አገር ፈቃድ ይዞ ቢያንስ አንድ ዓመት በሙሉ ጊዜ መሥራት ስለሆነ፣ በደራ ወረዳ ጥብቅና የቆመባቸው ዓመታት በማስረጃ ከተደገፉ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛሉ።

ሌሎቹ በሮች በአጭሩ እንዲህ ናቸው። ካሊፎርኒያ በአገሩ ጸንቶ ያለ ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ያለ ተጨማሪ ትምህርት ለፈተና ትቀበላለች፤ ዲግሪ ብቻ ያለው ግን ይማራል። ስለዚህ ከአገር ሲወጡ ፈቃድን ሳያሳድሱ መተው በኋላ ዋጋ ያስከፍላል። ዋሽንግተን ዲሲ በፈተናው ትምህርቶች ላይ ያተኮረ 26 ክሬዲት ትጠይቃለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኤስኪውኢ የተባለ ባለ ሁለት ክፍል ፈተና አላት። ካናዳ ዲግሪውን መዝና የካናዳ ሕግ ፈተናዎች ታዛለች፤ ከዚያ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ይከተላል።

መጨረሻ ላይ የመኖሪያ ጉዳይ አለ። የባር ፈተናው ውጤት ከኒውዮርክ ወደ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ሊተላለፍ ይችላል፤ የውጭ ዲግሪውን መቀበል ግን አብሮ አይተላለፍም። ኑሮውን ሐበሻ በበዛባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያደረገ ሰው ክፍለ ግዛቷ በኤልኤልኤም ብቻ እንደማታስፈትን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ኢሚግሬሽን የፌደራል ሕግ ስለሆነ ግን የአንድ ክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ በየትኛውም የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መቆም ይችላል። ስለዚህ ምሳሌያችን መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ የት እኖራለሁ፣ ለማንስ ጥብቅና እቆማለሁ የሚለው ነው። ክፍለ ግዛቱ ኮርሱን ይወስናል፤ ኮርሱን የሚያስጀምረው ፋይል ደግሞ ገና አገር ቤት ሳለ ዕዳውን ከፍሎ ዋናውን ዲግሪ በሚያወጣበት የሬጅስትራር መስኮት ይከፈታል።