ጀርባውን ለአምፖል የሰጠ በራሪ

ክረምት ላይ ዝናቡ አባርቶ ሲመሽ የበረንዳው አምፖል በአሸንና በእሳት እራት ይከበባል። ነፍሳቱ ሙቀት ፍለጋ የመጡ የሚመስላቸው አሉ፤ ግን እምብዛም በማይሞቀው የኤልኢዲ አምፖል ዙሪያም ይሰበሰባሉ። ሌሎች ደግሞ አምፖሉን ጨረቃ አድርገው አቅጣጫ ሊለዩበት ሲሉ ይሳሳታሉ ይላሉ።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ሌላ መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ በቤተ ሙከራና ኮስታሪካ ውስጥ በሚገኘው የሞንቴቨርዴ ደን የነፍሳቱን በረራ በፈጣን ካሜራ ቀረጹ። ፊልሙ ዝግ ተደርጎ ሲታይ በራሪዎቹ በቀጥታ ወደ አምፖሉ አይገሰግሱም። በጎኑ እያለፉ ጀርባቸውን ወደ እሱ ያዘነብላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ላይና ታቹን ይለያል። በአየር ላይ እየተጠማዘዘ ለሚበር ትንሽ ነፍሳት ግን የስበት ኃይልን ከራሱ እንቅስቃሴ መለየት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀላል ዘዴ ይጠቀማል፦ ጀርባውን ወደ ደማቁ አቅጣጫ ያደርጋል። ሌሊትም ቢሆን ሰማዩ ከመሬቱ ስለሚደምቅ ዘዴው ሲሠራ ኖሯል።

አምፖል ሲመጣ ግን ደማቁ ነገር ከጎን ሆነ። ነፍሳቱ ጀርባውን ወደዚያ ሲያዘነብል ሰውነቱ ይጋደማል፤ ክንፉ ወደ ላይ ሊያነሳው ሲገባ ወደ አምፖሉ ይጎትተዋል። እየበረረ ስለሆነ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር እንደገና ያዘነብላል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ከአምፖሉ በታች ካለፈ ሽቅብ ይወጣና ፍጥነቱን አጥቶ ይቆማል። በላዩ ካለፈ ደግሞ ይገለበጥና ቁልቁል ይወድቃል።

ተመራማሪዎቹ ይህን በሙከራ አረጋግጠዋል። ነጭ ጨርቅ ከላይ ወጥረው ሲያበሩት ነፍሳቱ ከሥሩ ቀጥ ብለው አለፉ። ብርሃኑን ከመሬት ሲያደርጉት ግን በጀርባቸው እየተገለበጡ ወደቁ።

ሁሉም ነፍሳት እንዲህ አይደሉም። በጥናቱ አንድ ትልቅ የእሳት እራት ዝርያና ፍራፍሬ ላይ የምትሰፍረው ትንሽ ዝንብ በአምፖሉ አልተደናገሩም። ደግሞም ይህ ማብራሪያ አምፖል አጠገብ የደረሰው ለምን እንደማይለቅ ይነግረናል እንጂ ከሩቅ የሚመጣው ለምን እንደሚመጣ አይነግረንም።

ለቤት የሚበጀው ግን ግልጽ ነው። ከመሬት ወደ ላይ የሚያበራ መብራት ይበልጥ ይጎዳቸዋል፤ ከላይ ተከልሎ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ ይሻላል። ሰማያዊነት ካለው ነጭ ብርሃን ይልቅ ቢጫማው ጥቂት ነፍሳት ይስባል። ሰው በማይቀመጥበት ሰዓት ማጥፋቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።