የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ ማን ይገዛል?

የገጠር ውሃ በጀት ሲዘጋጅ ክርክሩ ሁሉ በሲሚንቶና በፓምፕ ዋጋ ላይ ነው። በወረቀቱ ግርጌ ያለችው የጥገና መስመር ግን ብዙ ጊዜ በግምት ተሞልታ ትታለፋለች። ጥቂት ዓመታት አልፈው የፓምፑ እጀታ ቢወዘወዝም ውሃ አልወጣ ሲል፣ እናቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ጥንቱ ምንጭ ሲመለሱ፣ ስሕተቱ ከዚያች መስመር መጀመሩን የሚያስታውስ የለም።

አንድ ጉድጓድ አብረን እናስላ። ዋጋው ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ የምጠቀምባቸው የብር አኃዞች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው። 60 አባወራ ያለበት መንደር 12 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በእጅ ቆፍሮ አፍሪዴቭ የተባለውን የእጅ ፓምፕ ሊተክል ነው። ፓምፑ፣ ሲሚንቶው፣ ፌሮውና የኮንክሪት ቀለበቱ 230,000 ብር፣ የግንበኛውና የፓምፕ ተካዩ ክፍያ 58,000 ብር ይሁን።

ቀጥሎ የሕዝቡ ድርሻ ይመጣል። ስድስት ሰዎች ለ15 ቀን ቢቆፍሩ 90 የሥራ ቀን ነው። እያንዳንዱ ቤት አሸዋና ድንጋይ በማጓጓዝ ሁለት ሁለት ቀን ቢሠራ ሌላ 120 ቀን ይሆናል። አንዱን ቀን በ200 ብር ብንተምነው የ210 ቀኑ ጉልበት 42,000 ብር ነው። ሕዝቡ የሚያቀርበው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ 20,000 ብር ቢገመት ድርሻው 62,000 ብር ይደርሳል፤ ከ350,000 ብሩ ጠቅላላ ወጪ 18 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ጉልበት በመዝገብ መስፈር አለበት። ሳይጻፍ ከቀረ ወጪው የቀነሰ ይመስላል፤ ማን እንደሠራና ማን እንደቀረም ስለማይታወቅ ቅሬታው ኋላ መዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜ ይፈነዳል።

ጊዜውም የበጀቱ አካል ነው። ቁፋሮው በበጋው መጨረሻ፣ የከርሰ ምድር ውሃ እጅግ በሚወርድበት ወቅት መከናወን ይኖርበታል። በጥቅምት ተቆፍሮ ውሃ አገኘ የተባለ ጉድጓድ በሚያዝያ ሊደርቅ ይችላል። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ገበሬው ወደ እርሻው ስለሚሄድ ለውሃው የሚቆፍር እጅ አይገኝም።

አሁን ወደ ግርጌዋ መስመር እንውረድ። ብዙ ኮሚቴዎች «ሰው ስንት ይችላል?» ብለው ይጀምሩና በወር 10 ብር ይወስናሉ። በዓመት 7,200 ብር ይሰበሰባል። ዘበኛው በወር 300 ብር ቢከፈለው 3,600 ብር ይሄዳል። ቶሎ ለሚያልቁት ጎማዎችና ቡሽኖች በዓመት 2,500 ብር ብንይዝ የሚተርፈው 1,100 ብር ብቻ ነው፤ በአምስት ዓመት 5,500 ብር። በአምስተኛው ዓመት የፓምፑ ዘንግና ቧንቧ 25,000 ብር ቢጠይቅ ግን ሣጥኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ከሚያልቀው ዕቃ መነሣት ነበረበት። ለትልቁ ጥገና በዓመት 5,000 ብር ሲቀመጥ የዓመቱ ወጪ 11,100 ብር ይሆናል። አቅም የሌላቸውን አሥር ቤቶች መንደሩ ከክፍያ ነፃ ካደረገ፣ በቀሩት 50 ቤቶች ላይ የሚደርሰው በወር 18 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። እኔ ይህን ቁጥር ከቁፋሮው በፊት በስብሰባ ላይ መናገር ይሻላል ባይ ነኝ። ሕዝቡ አይሆንም ካለ ርካሽ ዘዴ የመምረጫው ሰዓት ያኔ ነውና።

በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው አሠራር ይህን ቀድሞ ያሰበ ነበር። የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለራሱ ለውሃ ኮሚቴው እያደረሰ፣ ዕቃ የሚገዛውና ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው እንዲሆን አደረገ። ከባንክ ወጪ ማድረግንና ደረሰኝ መያዝን በግንባታው ጊዜ የለመደ ኮሚቴ የጥገናውን ሒሳብ መያዝ አይከብደውም።

ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ብር ግን ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ጎማና ቡሽን በፕሮጀክቱ ገንዘብ አስቀድሞ ገዝቶ በገንዘብ ያዡ ቤት ማስቀመጥ ብልህነት ነው። መቼ እንደሚቀየሩ ፓምፑ ራሱ ይናገራል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ውሃ ለመስጠት ከአምስት ምት በላይ ከጠየቀ ውሃው ወደ ታች እየሸሸ ነው፤ የታችኛው ቫልቭ ወይም የቧንቧው መጋጠሚያ ይፈተሽ። ውሃው ቶሎ መጥቶ ጀሪካኑ ለመሙላት ከቀድሞው የበዛ ምት ከፈለገ ደግሞ የፒስተኑ ጎማ አልቋል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ የተያዘ ብልሽት በሁለት የሠለጠኑ የመንደሩ ሰዎች ይጠገናል።

መዋጮውም የግድ በየወሩ መሆን የለበትም። ገበሬው ብር በእጁ የሚገባው እህሉን ወቅቶ ሲሸጥ ነው። የ12 ወሩን 222 ብር በጥር አንድ ጊዜ መሰብሰብ፣ ጎተራው በጎደለበት ነሐሴ ላይ በየቤቱ እየዞሩ ከመለመን ይቀላል።