ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ክፍያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሊገዙ የተነሡ ባልና ሚስት አሉ እንበል። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ እሷ ነርስ ናት። ደመወዛቸው በየሁለት ሳምንቱ ሳይዛነፍ ይገባል፤ በዓመት ትንሽ ጭማሪ አለው፣ ከዚያ አያልፍም። 400,000 ዶላር ለመበደር ሲጠይቁ አበዳሪው ሁለት ምርጫ ሰጣቸው። አንደኛው ለ30 ዓመት የማይለወጥ 6.5 በመቶ ነው። ሁለተኛው ለ5 ዓመት 5.75 በመቶ ሆኖ ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ ይከለሳል። ግብርና ኢንሹራንሱን ትተን የመጀመሪያው በወር 2,528፣ ሁለተኛው 2,334 ዶላር ያስከፍላል። ልዩነቱ በአምስት ዓመት ከ11,600 ዶላር በላይ ነው፤ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

ሰው ሁሉ «ወለድ ይወርዳል ወይስ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። በ2021 ከ3 በመቶ በታች የነበረው የ30 ዓመት ወለድ በጥቅምት 2023 ወደ 8 ተጠግቶ ነበር። እንዲህ ያለውን መገመት ለእኔ ዕጣ ከማውጣት አይለይም። ይልቅ ተለዋዋጩ ወለድ በምን እንደሚሰላ ማየት ይሻላል።

አምስቱ ዓመት ሲያልቅ አዲሱ ወለድ የሚገኘው ሶፈር የተባለውን የገበያ መነሻ ወለድ ወስዶ፣ በውሉ የተጻፈውን የአበዳሪውን ጭማሪ፣ ማርጂኑን፣ በመደመር ነው። ማርጂኑ 2.75 ቢሆንና ሶፈር 4 ላይ ቢገኝ 6.75 በመቶ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ውሉ ሲፈረምም ሶፈር እዚያው 4 ላይ ከነበረ ገበያው አልተነቃነቀም ማለት ነው። ክፍያው ግን ወደ 2,564 ዶላር ያድጋል፣ ከቋሚው በልጦ። 5.75 መግቢያ ዋጋ ብቻ ነበር።

ገበያው ከባሰ ደግሞ ጣሪያ አለው። ውሉ ላይ 2/1/5 ተብሎ ከተጻፈ፣ በመጀመሪያው ክለሳ ከ2፣ በየተከታዩ ከ1፣ በጠቅላላው ከ5 ነጥብ በላይ አይጨምርም። የእነዚህ ባልና ሚስት ወለድ መጀመሪያ እስከ 7.75 ሊደርስ ይችላል፤ ክፍያቸው ወደ 2,800 ይሆናል። በ10.75 ጣሪያ ላይ ወደ 3,570 ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሎን ኤስቲሜት በሚባለው ባለሦስት ገጽ ሰነድ ውስጥ አለ። አበዳሪው ማመልከቻው በደረሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የመላክ ግዴታ አለበት። ወርኃዊው ክፍያ ሊጨምር ይችል እንደሆነ ገጽ 1 ላይ፣ ማርጂኑና ጣሪያዎቹ ገጽ 2 ላይ ይገኛሉ።

ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «3,570ውን ከደመወዜ መክፈል እችላለሁ ወይ?» ነው። «ያኔ ሪፋይናንስ አደርጋለሁ» የሚለው መልስ አያጠግበኝም፤ ወለድ የወጣ ቀን አዲሱም ብድር ውድ ነው። ቋሚውን የያዘ ግን ወለድ ሲወርድ፣ የመዝጊያ ወጪውን ከፍሎ መቀየር ይችላል።

ባልና ሚስቱ በአራት ዓመት ውስጥ ሌላ ከተማ መሄዳቸው የተቆረጠ ቢሆን፣ ተለዋዋጩን እመርጥላቸው ነበር። የነሱ ልጅ ግን ዘንድሮ ሰፈሩ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ጀምራለች፤ አያቷም ከላይ ፎቅ ሊገቡ ነው።