የሥራ ፈቃድና የሥልጠና ሰነድ ሳያልፍበት እንዴት መከታተል ይቻላል?

በዩናይትድ ስቴትስ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን በርካታ ናቸው። ብዙ ቀጣሪዎች ታዲያ የነፍስ አድን ሥልጠና ካርዱ ቀን ያለፈበትን ሠራተኛ ከሥራ ምድብ ያስወጣሉ። ካርዱ እስኪታደስ ድረስም የሰዓት ክፍያ አይኖርም።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚሰጠው ካርድ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ የሚያበቃው ሥልጠናው በተወሰደበት ወር መጨረሻ ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 2024 የተሰጠ ካርድ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2026 ይጸናል ማለት ነው። ይህን ለመከታተል ኤክሴል ይበቃል። በ B ዓምድ የተሰጠበት ቀን ይጻፋል፤ በ C ዓምድ የሚያበቃበትን ቀን፣ በ D ደግሞ ማስጠንቀቂያው የሚጀምርበትን ቀን ሠንጠረዡ ራሱ ያሰላል፦

```
C2: =EOMONTH(B2,24)
D2: =C2-60
```

ለዚህ ካርድ ማስጠንቀቂያው የሚጀምረው ማርች 1 ቀን 2026 ነው። ስልሳ ቀን የበዛ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቀጣዩ የሥልጠና ክፍል ሞልቶ ወደሚቀጥለው ወር መተላለፍ የተለመደ ነው።

ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው ቀመሩ ላይ ሳይሆን በቀን አጻጻፍ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ቀን ከወር ይቀድማል፤ በአሜሪካ ግን ወር ከቀን። አንዲት ሠራተኛ ኤፕሪል 5ን 05/04/2024 ብላ ብትጽፍ፣ በአሜሪካ አሠራር የተቀናበረው ሠንጠረዥ ሜይ 4 ብሎ ይረዳዋል። የማብቂያውን ቀን ሜይ 31፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ኤፕሪል 1 ያደርጋል። ካርዷ ኤፕሪል 30 ካለፈበት በኋላ ሠንጠረዡ ለአንድ ሙሉ ወር «ገና ነው» ይላታል። 14/05/2024 ተብሎ ቢጻፍስ? አሥራ አራተኛ ወር ስለሌለ ጽሑፉ ቀን ሆኖ አይቆጠርም፤ ቀመሩም የስህተት ምልክት ያሳያል። ይህኛው ቢያንስ ይታያል። የመጀመሪያውን ግን ማንም አያስተውለውም። መፍትሔው ወሩን በስሙ፣ 5-Apr-2024 ብሎ መጻፍና የተሰላውን የማብቂያ ቀን ካርዱ ላይ ከታተመው ጋር ማመሳከር ነው።

የሥልጠና ሰዓት ሌላ ጉዳይ ነው። በሜዲኬር ሥር የሚሠሩ የቤት ለቤት ጤና ድርጅቶች ረዳቶች፣ በፌዴራል ደንብ መሠረት በየ12 ወሩ ቢያንስ 12 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። እዚህ ላይ መመዝገብና መገኘት ይምታታሉ። ለሁለት ሰዓት ትምህርት ተመዝግቦ ከአርባ ደቂቃ በኋላ የወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ሊሞላለት አይገባም። ስለዚህ በመዝገቡ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የትምህርቱ ርዕስና የአሠልጣኙ ፊርማ ሊኖሩ ይገባል። 12 ወሩ ከጃንዋሪ ወይስ ከተቀጠሩበት ቀን እንደሚቆጠር ድርጅቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል የወራት ልዩነት ሊኖር ይችላልና።

ማስጠንቀቂያው የሚላክበት አድራሻም መታየት አለበት። በቀድሞ ኃላፊ ኢሜይል ላይ የተሞላ ማስታወሻ፣ ሰውዬው ሥራ ሲለቅ የሚያነበው ያጣል። ሠራተኛዋ በገዛ ስልኳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ማርች 1ን ብትመዘግብ፣ የድርጅቱ ማስታወሻ ቢቀር እንኳ የራሷ ይደርሳታል።