ለ801 ሕሙማን 1,566 ጓዶች

የአሜሪካ ጦር ከወታደሮቹ በየጊዜው ከሚወስደው ደም የተረፈውን አቀዝቅዞ ያስቀምጣል። በ2022 የታተመው ጥናት ባለቤቶች፣ ነርቭን የሚጎዳው መልቲፕል ስክለሮሲስ ከኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ጋር ይያያዝ እንደሆነ የፈተሹት በዚህ ክምችት ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ወታደሮችን ደም መመርመር ግን አይታሰብም።

ስለዚህ 801 ሕሙማንን ወሰዱ። ለእያንዳንዱም፣ እሱ በታመመበት ዕለት ገና ከበሽታው ነጻ ከነበሩት መካከል በዕድሜ፣ በፆታና ደም በሰጡበት ጊዜ የሚመስሉትን እስከ ሁለት ሰዎች በዕጣ መረጡለት። ይህ ኔስትድ ኬዝ-ኮንትሮል ይባላል። ዋናው ነገር ዕለቱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ጤነኛ ሆነው የቆዩትን ብቻ መምረጥ ውጤቱን ያዛባል። ዛሬ ለማነጻጸሪያ የተመረጠ ሰው ነገ ቢታመም እንኳ ምርጫው ትክክል ነው።

መጀመሪያ ቫይረሱ ካልነበረባቸው 35 ሕሙማን 34ቱ ከመታመማቸው በፊት ተይዘው ተገኙ። እንደነሱ ነጻ ሆነው ከጀመሩት ማነጻጸሪያዎች የተያዙት 57 በመቶው ናቸው።

ችግሩ፣ እነዚህ ማነጻጸሪያዎች የተመረጡት ለዚህ በሽታ ብቻ መሆኑ ነው። ኬዝ-ኮሆርት የሚባለው ስልት ግን ከመላው ተጠኚ ጥቂቱን በዕጣ ለይቶ ከተለያዩ በሽታዎች ሕሙማን ጋር ያነጻጽራል። በአውሮፓ የስኳር በሽታን ያጠናው ኢፒክ-ኢንተርአክት ከ16 ሺህ በላይ ሰዎችን የለየው በዚህ መንገድ ነው። ደሙ ውስጥ የሚፈለገው ነገር በማቆየት ብዛት የሚለወጥ ከሆነ ግን፣ ሕመምተኛውንና አምሳያውን ጎን ለጎን የሚያስመረምረው የመጀመሪያው ስልት ይሻላል።